ለወ/ሮ አስካለ፦ ስለ ጊዜ ገደብ ተቀማጭና ስለ ቁጠባ ሂሳብ

ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም

ለተከበሩ ወ/ሮ አስካለ

እትዬ አስካለ፣ እንዴት ሰነበቱ? እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሰዎ። ባለፈው ሳምንት መስኮት ላይ ሰልፍ ስለነበረ የጠየቁኝን በቅጡ ሳላስረዳዎት ቀረሁ። ለልጅዎም እንዲያሳዩት በጽሑፍ ይሁን ስላሉኝ ይኸው ጽፌልዎታለሁ። የምጠቅሳቸው የወለድ መጠኖችና ደንቦች ዛሬ በእኛ ቅርንጫፍ የሚሠሩ ናቸው። ሌላ ባንክ ቢጠይቁ ሊለዩ ይችላሉ።

ጥያቄዎ ከውርሱ የደረሰዎትን 600,000 ብር በሙሉ “ፊክስድ” ላድርገው ወይስ ደብተሬ ላይ ይቀመጥ የሚል ነበር። ጎረቤትዎ ሁሉንም ፊክስድ ያድርጉት ብለው መክረዎታል። በወለዱ በኩል ልክ ናቸው። ግን ከወለዱ በፊት ማወቅ የሚያስፈልገው ገንዘቡን መቼ መቼ እንደሚፈልጉት ነው። እንዲህ የምለው አንድ ነገር ስለማውቅም ነው፤ ቅርንጫፍ ሁሉ ፊክስድ ሲበዛለት ደስ ይለዋል፣ የሥራ ዕቅዱም ላይ ይቆጠርለታል። ስለዚህ “ሁሉንም አስገቡት” የሚል የባንክ ሰው ሲገጥምዎ ምክሩን በጥንቃቄ ይስሙት፤ እኔንም ጭምር።

የቁጠባ ሂሳብዎ አሁን 7 በመቶ ይከፍላል። ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም ጀምሮ ከዚህ በታች እንዳይከፈል አድርጓል። በእኛ ዘንድ ወለዱ የሚሰላው በየቀኑ ማታ ደብተሩ ላይ ባደረው ገንዘብ ነው፤ የሚገባው ደግሞ በወሩ መጨረሻ። በማንኛውም የሥራ ቀን ያወጣሉ፣ ያስገባሉ። ጡረታዎም የሚገባው እዚሁ ነው፤ ፊክስድ ቢከፍቱም ይህ ሂሳብ አይዘጋም፣ አይነካምም።

ፊክስድ የሚባለው የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ግን ውል ነው። ይህን ያህል ብር ለዚህን ያህል ጊዜ አልነካም ብለው ይፈርማሉ፣ ባንኩ ደግሞ ከፍ ያለ ወለድ ይከፍላል። ዛሬ ለ3 ወር 8 በመቶ፣ ለ6 ወር 9 በመቶ፣ ለ12 ወር 10 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። “9 በመቶ” ማለት የዓመት ሂሳብ ነው። 100,000 ብር ለ6 ወር ቢያስቀምጡ የሚያገኙት 9,000 ሳይሆን ግማሹ፣ 4,500 ብር ነው። ከሁለቱም ዓይነት ወለድ ላይ ባንኩ 5 በመቶ ግብር ቀንሶ ለመንግሥት ያስገባል። ግብሩ ከወለዱ ላይ እንጂ ከዋናው ገንዘብ ላይ አይቀነስም፤ ገቢዎች ቢሮ መሄድም የለብዎትም።

በብር እንየው። 600,000 ብሩ ዓመት ሙሉ ፊክስድ ቢሆን ወለዱ 60,000 ነው፤ ግብሩ 3,000 ተቀንሶ 57,000 ይደርስዎታል። ደብተር ላይ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ቢቀመጥ 42,000 ይሆንና ግብሩ 2,100 ሲቀነስ 39,900 ይቀራል። ወለዱ በየወሩ ስለሚገባ ወለዱም ራሱ ስለሚወልድ፣ ምንም ካላወጡ 1,200 ብር ገደማ ይጨምራል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዓመት 16,000 ብር አይሞላም።

አሁን ጎረቤትዎ ያልነገሩዎትን ልጻፍ። ውሉ ከቀኑ በፊት ሲፈርስ ምን ይሆናል?

በእኛ ውል መሠረት 3 ወር ሳይሞላ ካፈረሱት ምንም ወለድ አይከፈልም፤ ዋናው ብቻ ይመለሳል። ከ3 ወር በኋላ ካፈረሱት ደግሞ 10 በመቶው ይቀርና ለቆየበት ቀን በቁጠባው 7 በመቶ ይሰላል። ለምሳሌ ሙሉው 600,000 ብር በ240ኛው ቀን ቢወጣ ግብር ተቀንሶ የሚያገኙት 26,235 ብር ገደማ ነው፤ በ10 በመቶ ቢሆን እስከዚያ ቀን 37,479 ብር ይሆን ነበር። በ80ኛው ቀን ቢወጣ ደግሞ ወለዱ ዜሮ ነው፤ ደብተር ላይ ቢሆን ኖሮ ግን 8,700 ብር ገደማ ያገኙ ነበር።

ሌላው ይብሳል። ለፊክስድ የሚሰጥዎት አንድ የምስክር ወረቀት በከፊል አይፈርስም። 40,000 ብር ብቻ ቢያስፈልግዎ 600,000ው በሙሉ ነው የሚፈርሰው። በምስክር ወረቀቱ ዋስትና መበደር ይቻላል፤ ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ከማፍረስ ሊሻል ይችላል። ግን የብድሩ ወለድ ከተቀማጩ ወለድ ይበልጣል፣ ጉዳዩም በአንድ ቀን አያልቅም፤ ስለዚህ ለሆስፒታል ጥድፊያ አይታሰብ።

እርስዎ በነገሩኝ መሠረት በግንቦት የዓይን ሞራዎን ያስወጣሉ፣ ክረምት ሳይገባ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያስለውጣሉ፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ የባለቤትዎን የሙት ዓመት ያስባሉ። እነዚህ ሁሉ በሚቀጥሉት አምስት ወራት ውስጥ ናቸው። ፋሲካም ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ 150,000 ብሩ ደብተር ላይ ይቅር። የቀረው 450,000 ፊክስድ ይሁን፣ ግን በአንድ ወረቀት ሳይሆን በሦስት። 100,000 ለ3 ወር፣ 150,000 ለ6 ወር፣ 200,000 ለ12 ወር። ለፊክስድ የምንቀበለው ዝቅተኛው 50,000 ብር ስለሆነ ሦስቱም ያልፋሉ።

የ3 ወሩ ሲደርስ ግብር ተቀንሶ 1,900 ብር ገደማ ወለድ ያገኛሉ፣ የ6 ወሩ 6,412፣ የዓመቱ 19,000። (በቀን ሲሰላ የጥቂት ብር ልዩነት ይኖራል።) አጫጭሮቹን በዚሁ ወለድ እያደሱ ዓመት ቢዘልቁ ጠቅላላው 39,425 ይመጣል። 450,000ውን በሙሉ ለዓመት ቢቆልፉት 42,750 ነበር። የሚያጡት 3,325 ብር ነው፤ በእሱ ፈንታ በሦስት ወርና በስድስት ወር ገንዘብ እጅዎ ይገባል፣ ድንገተኛ ነገር ቢመጣም የሚፈርሰው አንዱ ወረቀት ብቻ ይሆናል። እኔ ይህንን ዋጋ ብዙ አልለውም። ልጅዎ ሌላ አከፋፈል ይሻላል ካለ አምጥቶ ያሳየኝ፣ አብረን እናሰላዋለን።

ስለ ቀኑ አደራ። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሰኞ መጋቢት 9 ቢከፍቱ የ3 ወሩ የሚደርሰው ሰኔ 9 ሳይሆን ሰኔ 11 ነው። የ6 ወሩ መስከረም 8 ቀን 2017 ይደርሳል፣ የዓመቱ ደግሞ መጋቢት 9 ቀን 2017። ሁለት ቀን ቀድሞ መጥቶ “ደርሷል” ብሎ ገንዘቡን የሚጠይቅ ሰው ውል እያፈረሰ መሆኑን አያውቀውም። ሦስቱንም ቀን በአማርኛ አቆጣጠር በወረቀቶቹ ጀርባ ላይ እጽፍልዎታለሁ።

ቅጹ ላይ “ሲደርስ ምን ይደረግ” የሚል ቦታ አለ፤ ባዶ አይተዉት። “በራሱ ይታደስ” የሚለውን ካሉ ቀኑ በዘነጉበት ጊዜ ገንዘቡ ለሌላ ዙር ይቆለፋል፤ በዚያን ቀን በሚኖረው ወለድ እንጂ በዛሬው አይደለም። ለእርስዎ “ዋናውም ወለዱም ወደ ቁጠባ ሂሳቤ ይግባ” የሚለው ይሻላል። ቢረሱት እንኳ በማግሥቱ 7 በመቶውን መውለድ ይጀምራል። የተስማማንበት የወለድ መጠን በምስክር ወረቀቱ ላይ በቁጥር ተጽፎ ካላዩ አይፈርሙ። በቃል የተባለ ወለድ በኋላ ማንም አይከፍለውም።

ልጅዎ ወክሎ እንዲያንቀሳቅስ ካሰቡ ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ የተረጋገጠ መሆን አለበት፤ “የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ለመክፈት፣ ለማፍረስና ዋናውን ከነወለዱ ለመቀበል” የሚል በግልጽ ይጻፍበት። “ባንክ ጉዳዬን ይፈጽም” የሚል ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ዕድሜ ይስጥዎትና፣ ውክልና ከሕልፈት በኋላ አይሠራም፤ ያኔ የሚፈለገው የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ነው። ይህን የጻፍኩት ልጅዎ ወረቀቱን እጁ ስላስገባ ገንዘቡ የሚከፈለው እንዳይመስለው ነው።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልንገርዎት። ባለፈው ዓመት የዋጋ ንረቱ ከ25 በመቶ በላይ ነበር። 7ም ሆነ 10 በመቶ ወለድ ያንን አይችለውም። ፊክስድ ጉዳቱን ያቀልላል እንጂ አያስቀርም። ከ12 ወር በላይ እንዲቆልፉ ያልመከርኩዎትም ለዚህ ነው፤ በዓመቱ ጣሪያውም ተሠርቶ፣ ዓይንዎም ድኖ እንደገና ያስቡበታል።

ሰኞ ሲመጡ መታወቂያዎንና ደብተርዎን ይያዙ። ቅጹ ላይ ብሩን በአኃዝም በፊደልም መጻፍ ስላለ መነጽርዎን አይርሱ። ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ሰልፉ ቀለል ይላል፤ ቀጥታ ወደ መስኮት 3 ይምጡ። ከገንዘብ ያዥ ጋር አይጉላሉም፣ ብሩ ከደብተርዎ ላይ በማዛወር ነው የሚገባው። ሦስቱን ወረቀቶች ስመልስልዎት ስምዎን፣ ብሩን፣ ወለዱንና ቀኑን አብረን እናነባለን። ዋናዎቹን ቤት ያስቀምጡ፣ ቅጂውን ለልጅዎ ይስጡ። ዋናው ከጠፋ የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል፣ ክፍያውም ይዘገያል።

እስከዚያው “ከባንክ ነው፣ ፊክስድዎን ልክፈትልዎ” ብሎ የሚደውልና የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ካለ ስልኩን ይዝጉት። እኛ በስልክ አንከፍትም።

ከአክብሮት ጋር
ሰላማዊት
የደንበኞች አገልግሎት፣ መስኮት 3