የስፌት መኪና ጥገናው ድረ ገጽ ርክክብ ማስታወሻ

ወንድሜ፣

በስልክ ስናወራ «ኮዱን ካየሁት ይገባኛል» ብለኸኝ ነበር። እውነትህን ነው። ኮዱ ትንሽ ነው፣ በአንድ ከሰዓት አንብበህ ትጨርሰዋለህ። እኔ የምጽፍልህ ኮዱን በማንበብ ስለማታገኘው ነገር ነው። ይህ ሳይት ሲበላሽ አይጮህም። ገጹ ይከፈታል፣ ፎርሙ «ጥያቄዎ ደርሶናል» ይላል፣ ከጀርባ ግን ምንም አይደርስም። በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ እንቅልፍ የነሱኝ ችግሮች በሙሉ የዚህ ዓይነት ነበሩ። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወራህ በአብዛኛው ዝም ብለው ስለሚሞቱ ነገሮች ነው።

ቁልፎቹ

የይለፍ ቃል እዚህ አልጻፍኩም። ሁሉም በእትዬ ስም በተከፈተው የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ውስጥ ነው ያለው። (እትዬ የምለው የድርጅቱን ባለቤት ነው፤ ሠራተኛውም ደንበኛውም የሚጠራቸው እንዲያ ነው፣ አንተም ትለምደዋለህ።) ግብዣው ማክሰኞ በኢሜይልህ ይደርስሃል። ገብተህ ሁሉም እንደሚሠራ ካየህ በኋላ እኔን አስወጣኝ፣ ይሉኝታ አይያዝህ። በሰርቨሩ ላይ `~/.ssh/authorized_keys` ውስጥ መጨረሻው `old-laptop` የሚለው መስመር የኔ ነው፤ ሰርዘው። የሆስቲንጉን የይለፍ ቃል ቀይር። የኢሜይል መላኪያውንም ቀይር፣ ግን ያኔውኑ `wp-config.php` ውስጥ ያለውን `TM_SMTP_PASS` አብረህ ካልቀየርክ ፎርሙ በዚያው ደቂቃ ዝም ይላል።

ዶሜይኑ አሁን በእትዬ ስም ነው። እንዲህ ለማለት ብዙ ደክሜያለሁ። መጀመሪያ ሳይቱን የሠራው ሰው በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ነበር ያስመዘገበው። ሰውየው ሥራ ቀይሮ ስልኩን ማንሳት ሲያቆም ዶሜይኑን ለማስመለስ አራት ወር ፈጀብን። አሁን እድሳቱ በራሱ እንዲሄድ አድርጌዋለሁ። ነገር ግን የሚከፈለው ከባንክ ካርድ ነው፣ ካርድ ደግሞ ጊዜው ያልፍበታል፣ የማስጠንቀቂያው ኢሜይልም እትዬ በማያዩት ሳጥን ነው የሚገባው። ለዚህ ነው በቀን መቁጠሪያህ ላይ ከማለቂያው ሁለት ወር ቀደም ብለህ ምልክት አድርግ የምልህ። ቀኑን ከአስመዝጋቢው ገጽ ላይ ራስህ አይተህ ያዝ፣ ከኔ አትቀበል።

ፎርሙ

ይህን ክፍል ረጋ ብለህ አንብበው።

ከሁለት ዓመት በፊት ሳይቱን ከአሮጌው ሆስቲንግ ወደዚህኛው አዛወርኩት። ፋይሉን ቀዳሁ፣ ዳታቤዙን አስገባሁ፣ ዲ.ኤን.ኤሱን ቀየርኩ፣ ገጹ ተከፈተ፣ ፎርሙን ሞከርኩ፣ «ደርሶናል» አለኝ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን እትዬ ደውለው «በዚህ ሰሞን ሥራ ቀዘቀዘ፣ ሰው ሁሉ መኪናውን ራሱ ይጠግን ጀመር እንዴ?» አሉኝ። እየቀለዱ መስሎኝ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። በዶሜይኑ ላይ ያለው የ`SPF` መዝገብ ኢሜይል እንዲልክ የሚፈቅደው ለአሮጌው ሰርቨር አድራሻ ብቻ ነበር። አዲሱ ሰርቨር በእኛ ስም የላከው ሁሉ ተቀባዩ ጋ አጭበርባሪ መስሎ እየታየ ግማሹ ከበር ተመለሰ፣ ግማሹ አላስፈላጊ ሳጥን ውስጥ ተቀበረ። ዎርድፕረስ ግን ደብዳቤውን ለሰርቨሩ ማስረከቡን እንጂ ወዲያ ማዶ መድረሱን አያውቅም፤ ስለዚህ ለደንበኛው በልበ ሙሉነት «ደርሶናል» ይለዋል። ጥፋቱ የኔው ነው። የሞከርኩት ማያ ገጹን እንጂ የእትዬን የመልእክት ሳጥን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አድርጌያለሁ። አንደኛ፣ ኢሜይሉ በሰርቨሩ ሳይሆን በኢሜይል አቅራቢው በኩል በይለፍ ቃል ገብቶ ይወጣል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ከመላኩ በፊት `wp_tm_teyaqe` በሚባል ሰንጠረዥ ውስጥ ይመዘገባል፤ ኢሜይሉ ቢጠፋ እንኳ ስምና ስልኩ አይጠፋም። በአስተዳደሩ ገጽ ላይ «ጥያቄዎች» ከሚለው ታየዋለህ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ፎርሙን ራሴ ሞልቼ እልካለሁ፣ ከዚያ እንግዳ መቀበያው ላይ ላለው ልጅ «ገባ?» ብዬ እጽፍለታለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው። ሌላውን ምክሬን ብትተው ይህን አትተው።

ሰዓቱን ጠብቆ የሚሠራው

ዎርድፕረስ የራሱ ሰዓት የለውም። የታቀደ ሥራ ካለ ሰው ሳይቱን ሲጎበኝ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። የእኛ ሳይት ደግሞ ሌሊት የሚጎበኘው የለም፤ «ጥገናዎ ተጠናቋል» የሚለው መልእክት ለዚህ ነበር ሰዓታት እየዘገየ የሚሄደው። ስለዚህ `wp-config.php` ላይ `DISABLE_WP_CRON` ብዬ ዘግቼው በሰርቨሩ ክሮን ተክቼዋለሁ፦

```
*/10 * * * * cd /home/tigena/public_html && wp cron event run --due-now >/dev/null 2>&1
```

አንድ ቀን ሆስቲንግ ብትቀይር ይህ መስመር ከፋይሎቹ ጋር አብሮ አይሄድም። ከፋይሎቹ ጋር የሚሄደው መዝጊያው ብቻ ነው። ያኔ የውስጡም የውጩም ሰዓት ይቆማል፣ ማንም አይነግርህም።

ባክአፑም በዚያው በክሮን ነው፤ በየሌሊቱ ዳታቤዙን፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ምስሎቹን ጨምሮ። የመጨረሻዎቹ 14 ይቀመጣሉ፣ ቅጂያቸው ከሰርቨሩ ውጭ ባለ ቦታም ይገባል። አንድ ጊዜ ዲስኩ ሞልቶ ለስድስት ሌሊት ባዶ ፋይል ሲቀመጥ ነበር፤ ስማቸውና ቀናቸው ያምር ነበር፣ መጠናቸው ግን ዜሮ። አሁን ፋይሉ ከአንድ ሜጋባይት ካነሰ ኢሜይል ይልክልኛል። ተቀባዩን ወደ አንተ አድራሻ ቀይረው፤ `~/bin/backup.sh` ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። ባለፈው ወር የወሰድኩትን በራሴ ኮምፒውተር ላይ መልሼ አስነስቼዋለሁ፣ ሠርቷል።

የደኅንነት ሰርተፊኬቱ 90 ቀን ነው ዕድሜው፣ በራሱ ይታደሳል። ፖርት 80ን አትዝጋ፣ ማረጋገጫው የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።

እኔ የጻፍኩት ፕለጊን

`tigena-mezgeb` ይባላል። ደንበኛው የደረሰኝ ቁጥሩን ሲያስገባ መኪናው የት እንደደረሰ ያሳየዋል፤ ተቀብለናል፣ በጥገና ላይ፣ ዕቃ እየጠበቅን፣ ተጠናቋል። ልጁ ከስልኩ ነው የሚቀይረው። ከሳይቱ ሁሉ ሰው የሚወደው ይህንን ነው፣ እኔም የምኮራበት እሱን ነው።

የመለዋወጫ ፍለጋው ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። አንዱ «ስፌት» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ሥፌት»። ለዳታቤዙ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ ለደንበኛው ግን አንድ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ እመልሳቸዋለሁ፤ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነዘራቸው። አሠራሩ ይህ ነው፤ ሙሉው ዝርዝር ፋይሉ ውስጥ አለ፦

```php
function tm_fidel( $s ) {
    return strtr( $s, [ 'ሠ' => 'ሰ', 'ሥ' => 'ስ', 'ፀ' => 'ጸ', 'ዐ' => 'አ', 'ሐ' => 'ሀ' ] );
}
```

የእያንዳንዱ ዕቃ ስም በዚህ መንገድ ተለውጦ `sem_felega` በሚባል ዓምድ ውስጥ ይቀመጣል። የሚቀመጠው ግን ዕቃው በአስተዳደሩ ገጽ በኩል ሲመዘገብ ነው። ብዙ ዕቃ በአንዴ በኤስኪዩኤል ካስገባህ ዓምዱ ባዶ ይቀራል፤ ዕቃው በገጹ ላይ ይታያል፣ ሲፈለግ ግን የለም። ካስገባህ በኋላ `wp tigena fidel-adis` በል፣ ይሞላዋል።

የማላፍርበትና የማፍርበት

ስታይል ሺቱን ስታይ ትስቃለህ። `!important` የሚለውን ቆጥሬ 61 ላይ ተውኩት። የመነሻ ገጹ ተንሸራታች ምስልም አርጅቷል፤ ማንም ሁለተኛውን ምስል አያይም፣ ግን እትዬ ይወዱታል። አትንካው፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ወር።

ልጁ ከስልኩ የሚጭናቸው ፎቶዎች ትልልቅ ናቸው። ዎርድፕረስ በራሱ 2560 ፒክስል ላይ ያሳንሳል፣ እኔ ደግሞ ወደ 1600 አውርጄዋለሁ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ማሻሻያ ሐሙስ ከሰዓት አድርግ እንጂ ሰኞና ዓርብ አትንካ። መጀመሪያ በሙከራው ቅጂ ላይ። ከፒ.ኤች.ፒ 7.4 ወደ 8 ስንሻገር የዋጋ ሰንጠረዡ የወደቀው `count()` `null` ሲሰጠው ድሮ ያጉረመርም የነበረው ከ8.0 ጀምሮ ገጹን ስለሚያቆም ነው። የኔን አስተካክያለሁ፣ የሌሎቹ ፕለጊኖች ግን ዋስትና የለኝም።

ያላለቀ ሥራ አለ። በስልክ አጭር መልእክት የማሳወቂያው ኮድ `sms-melikt` በሚባለው ቅርንጫፍ ላይ ግማሽ ላይ ቆሟል። ይልካል፤ ሳይላክ ሲቀር ግን ምንም አያደርግም። አሁን የኔን ጠባይ አውቀሃል፣ እንዲያ ሆኖ አላወጣውም አልኩ። እትዬ «አልቋል አይደል?» ቢሉህ አላለቀም በላቸው፣ እኔም ብያቸዋለሁ። በሳይቱ ላይ ክፍያ መቀበልም ሲያነሱ ነበር፤ ቃል አልገባሁም፣ አንተ በራስህ ዓይን እየው።

እሳቸው ደውለው «ሳይቱ ጠፋ» ካሉ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ የስልካቸው ኢንተርኔት ነው፣ ወይ አሮጌው ገጽ አሳሻቸው ላይ ተቀምጧል፣ ወይ እውነት ጠፍቷል። መጀመሪያ በራስህ የስልክ ዳታ ክፈተው፣ ከዚያ ብቻ ደንግጥ። ደግ ሴት ናቸው፣ ሒሳብም አያቆዩም። የምፈልገው ቀሪ ክፍያ የለም።

እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ለጥያቄ አለሁ፤ ማታ ማታ ብትጽፍልኝ በነጋታው እመልሳለሁ። ሰኞ ጠዋት ፎርሙን አብረን እንላከውና ኢሜይሉ አንተ ጋ መግባቱን አይተን እንለያይ።