የሸኖው መሳፈሪያ

ሲስተር አልማዝ የቀሰቀሰችኝ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነበር። በደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት ከተረኛ ክፍል ብርድ ልብስ ውስጥ መውጣት ራሱን የቻለ ጀግንነት ነው። ውርጩ የግቢውን ሣር እንደ ጨው አንጥቶታል። ጋውኔን በጃኬቴ ላይ ደርቤ ወደ ሴቶች ክፍል ሮጥኩ።

«አልጋ 7» አለችኝ ቴርሞሜትሩን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ። «39 ነጥብ 2።»

አልጋ 7 ላይ የተኙት እማማ አስካለ ናቸው። ልጃቸው ጌታነህ ሰኞ አመሻሽ ላይ ከመሐል ሜዳ በኩል ደግፎ ነው ያመጣቸው። ጎናቸውን ይዘው ያቃስታሉ፣ ያስመልሳቸዋል፣ ያንቀጠቅጣቸዋል። የደም ግፊታቸው 95 በ60፣ የልብ ምታቸው 118 ነበር። የኩላሊት ኢንፌክሽን ነው አልን። ግሉኮስና ሴላይን ተንጠልጥሎ ሴፍትሪአክሶን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ልጀምር ስል መንገዴን የዘጋችው ሲስተር አልማዝ ናት። «መጀመሪያ ሽንትና ደም ለካልቸር ይወሰድ፤ መርፌው ከገባ በኋላ የሚወሰድ ናሙና ብዙ ጊዜ ባዶ ነው የሚመለሰው» አለች። ተህዋሱ ላብራቶሪ ውስጥ በቅሎ እንዲለይ ማለቷ ነው። ጠርሙሶቹን ያዘጋጀችው እሷ፣ ስም የጻፈችባቸውም እሷ ናት። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ሥራ ያበዛችብኝ መስሎኝ ነበር።

አሁን ማክሰኞ ሌሊት ነው። ሴፍትሪአክሶን ከጀመሩ 30 ሰዓት ገደማ ሆኗቸዋል፣ ትኩሳቱ ግን አልወረደም።

ጎንበስ ብዬ «እማማ፣ እንዴት ነዎት?» አልኳቸው።

ባናቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «ገብሱን ማን ያጭደዋል?» አሉኝ።

ቅዠት ነው ብዬ ደመደምኩ። ካርዱ ላይም «ግራ መጋባት ይታይባቸዋል» ብዬ ጻፍኩ። ትኩሳት ካልወረደ መድኃኒቱን ከፍ አድርግ፤ በኢንተርንነቴ ዘመን ከአለቆቼም ከጓደኞቼም የለመድኩት ይኸው ነው። ከሴፍትሪአክሶን በላይ ምን አለ? ሜሮፔኔም። ቀና ብዬ ያየሁት ሌላ ነገር የለም፤ ያየሁት ቴርሞሜትሩን ነው። ማዘዣውን ጻፍኩት።

የሆስፒታሉ ፋርማሲ «አልቋል» አለ። ኮሪደሩ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተኛውን ጌታነህን ቀስቅሼ ወረቀቱን ሰጠሁት። ደብረ ብርሃን ካጣ አዲስ አበባ እንደማያጣው ነገርኩት። ወረቀቱን እንደ ደብዳቤ አራት ላይ አጥፎ ከደረት ኪሱ አስገባው። «ዋጋው ከበድ ይላል» አልኩት። «ለመምጫ ብዬ ሁለት በግ ሸጫለሁ፤ ካልበቃም ሌላ አለ» አለኝ።

ሲስተር አልማዝ ካርዱን አየችው፣ እኔንም አየችኝ። «ግፊታቸውን ልለካው?» አለች። «ጠዋት ይለካል» ብያት ሄድኩ። ይቺን መልሴን ዛሬም ሳስባት ጆሮዬ ይግላል።

ረቡዕ ጠዋት ከዶክተር መኮንን ጋር ዞርን። የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ናቸው፤ ሲዞሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፣ ሰው ፊትም አያዋርዱም። የሚያስጨንቀው ጥያቄያቸው ነው።

«ሜሮፔኔም» አሉ ካርዱን እያነበቡ። «ምን አግኝተህ ነው?»

«ትኩሳታቸው አልወረደም። ሌሊት 39 ነጥብ 2 ነበር።»

«ሰኞ ማታስ?»

«39 ነጥብ 6።»

«ግፊታቸው ዛሬ ጠዋት?»

ሲስተር አልማዝ መለሰች። «115 በ70። የልብ ምታቸው 96።»

«ያስመልሳቸዋል?»

«ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ቆሟል» አለች አሁንም እሷው። «ሽንታቸውም ጥሩ ነው።»

«ምን በሉ?» ይቺ ለእኔ ነበረች። አላውቅም። ዶክተር መኮንን ወደ አልጋው ዞሩ። «እማማ፣ ምን ቀመሱ?»

«አጥሚት ሰጡኝ፣ ውሃ ነው እንጂ አጥሚት አይባልም» አሉ እማማ አስካለ ቀና ለማለት እየሞከሩ። «እኔ እዚህ ተጋድሜ ገብሱ ማሳው ላይ ቆሟል። ውርጭ እየመታው ነው። ልጁ ደግሞ ሌሊት የት እንደሄደ አላውቅም። ለዚህ ለዶክተሩ ማን ያጭደዋል ብለው ዝም አለኝ።»

ክፍሉ ውስጥ የተኛው ሁሉ የሳቀብኝ መሰለኝ። ዶክተር መኮንን ካርዱ ላይ «ግራ መጋባት» ያልኩበትን መስመር በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ሰኞ ማታ ስለ ገብስ አውርተው ነበር?»

«ሰኞ ማታ ስማቸውንም በቅጡ አልተናገሩም።»

«እንግዲህ» አሉና ወደ መስኮቱ ወሰዱኝ። «የኩላሊት ኢንፌክሽን ትክክለኛው መድኃኒት ተሰጥቶትም ትኩሳቱ 48፣ አንዳንዴም 72 ሰዓት ይቆያል። አንተ በ30ኛው ሰዓት ነው የተጣደፍከው። መድኃኒቱ አልሠራም ለማለት የሚያስችል ምን ይዘሃል? ካልቸሩስ ምን አለ?»

«ገና አልደረሰም።»

«እሱ እስኪደርስ ሴፍትሪአክሶኑ ይቀጥል። አደራ፣ ጠብቅ ማለቴ ተኛ ማለቴ አይደለም። በየአራት ሰዓቱ ግፊት፣ ምት፣ አተነፋፈስ፣ ሽንት ታያለህ። ግፊታቸው ከወረደ፣ እውነተኛ ግራ መጋባት ከመጣ፣ ሽንታቸው ከቀነሰ፣ በማንኛውም ሰዓት ትደውልልኛለህ፤ ያን ጊዜ ካልቸር አንጠብቅም፣ አብረን እንቀይራለን። 72 ሰዓት ሞልቶ ትኩሳቱ ካለ ደግሞ መጀመሪያ አልትራሳውንድ ይነሣሉ። ጠጠር ዘግቶት ወይም መግል ቋጥሮ ከሆነ ሜሮፔኔምህም ብቻውን አያወጣውም።»

ከዚያ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አድርገው «ልጁ የት ነው?» አሉኝ።

ስደውልለት ከበስተጀርባው የአውቶቡስ ዘፈን ይሰማል። «ሸኖ ደርሻለሁ ዶክተር! ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ፋርማሲ ዞርኩ፣ የለም አሉኝ። ደከሙ እንዴ እናቴ?»

«የለም፣ ደህና ናቸው። ተመለስ።»

«መድኃኒቱስ?»

«አሁን አያስፈልግም። እኔ... ቸኩዬ ነው።»

ዝም አለ። ዘፈኑ ብቻ ቀረ። «ደህና ከሆኑ እንግዲህ ወረድኩ» አለና ዘጋው።

የዚያን ቀን ላብራቶሪ ስንት ጊዜ እንደወረድኩ አልቆጠርኩም። ውብሸት መጀመሪያ ላይ በደስታ ነው የተቀበለኝ። ክዳኑን ከፍቶ ማክኮንኪ የሚባለውን ሳህን አሳየኝ፤ ሮዝ ነጠብጣቦች ሞልተውታል። ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ ነው፣ ኢ. ኮላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ለመለያ ምርመራው ዘርቼዋለሁ አለኝ። የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለማወቅ ግን ሌላ ሳህን ላይ ዘርቶ፣ መድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች አስቀምጦ፣ ኢንኩቤተር ውስጥ ማሳደር አለበት። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ኢንኩቤተሩን ማንም እንዳይከፍተው በሩ ላይ ወንበር አስደግፎ ነበር።

ለአራተኛ ጊዜ ስመጣ «ዶክተር» አለኝ፣ «እናትህ ጠላ ይጠምቃሉ?»

«ይጠምቃሉ።»

«ጥንስሱን በየሰዓቱ እየከፈትክ ስታይ ያገኙህ እንደሆነ ምን ያደርጉሃል?»

«በማማሰያ ይሉኛል።»

«እኔ ማማሰያ የለኝም» አለና በሩን ዘጋብኝ።

ማታ 38 ነጥብ 4 ሆነ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ 38 ነጥብ 7። እጄ ወደ ማዘዣው ደብተር ሄዳ ነበር፣ አልዋሽም። ግፊታቸውን ራሴ ለካሁ፦ 120 በ70። ምታቸውን ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ፦ 92። ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ። የሽንት ከረጢቱን አየሁ። ባናው ጢስና በግ በግ ይሸታል። እማማ አስካለ በአንድ ዓይናቸው እያዩኝ «አትተኛም እንዴ ልጄ? ነው ወይስ በኔ አሳበህ ነው?» አሉኝ። በዚያች ሌሊት ወንበር ስቤ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ስለ ገብሱ ጠየቅኳቸው። ነጩን ከጥቁሩ ለይተው፣ የትኛው ለበሶ የትኛው ለጠላ እንደሚሆን አስረዱኝ፤ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው። ወረቀት ላይ ብጽፈው «ሰዓቱን፣ ቦታውንና ሰውን ያውቃሉ» የሚለው ነው የሚሆነው።

ሐሙስ ኅዳር 12 ነበር። ከተማው ቆሻሻውን ሰብስቦ እያቃጠለ፣ የኅዳር ሚካኤል ጢስ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ክፍሉን አጥኖታል። በሽታ ይሂድ ተብሎ የሚጨስ ጢስ ሳል ያለባቸውን በሽተኞች ሁሉ አስለቀሳቸው። ሲስተር አልማዝ መስኮቱ ላይ አንሶላ እየጠቀጠቀች «37 ነጥብ 1» አለችኝ፣ ሳትዞር።

ላብራቶሪ ስደርስ በሩ ክፍት ነበር። ውብሸት ሳህኑን ገልብጦ በጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ማስመሪያ ይዟል። በደመናማው እድገት መሐል አንዳንዱ ክብ ወረቀት ዙሪያው ጥርት ብሎ እንደ አውድማ ተጠርጓል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ወጥቶበታል። «አምፒሲሊን፣ የለም። ኮትሪሞክሳዞል፣ የለም» እያለ ያስነብበኛል። ሴፍትሪአክሶን ላይ ደርሶ ማስመሪያውን አስተካክሎ ለካ። «26 ሚሊሜትር። 23 ካለፈ ይሠራል ነው የምንለው።» ቀጠለ። «ሲፕሮፍሎክሳሲንም 30። ይሄ በአፍ የሚወሰድ ነው፤ ወደ ቤታቸው ይዘውት መሄድ ይችላሉ።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሜሮፔኔም በአፍ የሚሰጥ አይደለም። እኔ በጻፍኩት መንገድ ቢሆን ኖሮ ገብሱ እስኪረግፍ ድረስ በየስምንት ሰዓቱ መርፌ እየጠበቁ አልጋ 7 ላይ ነበሩ።

ዶክተር መኮንን ውጤቱን አይተው «ጥሩ» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። የደሙ ጠርሙስ እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም አላበቀለም። አንድ ቀን ያለ ትኩሳት አሳድረናቸው ቅዳሜ ጠዋት የሲፕሮፍሎክሳሲን እንክብል ሰጥተን ሸኘናቸው።

ጌታነህ ባናውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ያቺን አራት ላይ የታጠፈች ማዘዣ ከደረት ኪሱ አወጣት። «ይቺን ምን ላድርጋት ዶክተር?» አለኝ። ተቀበልኩት። እማማ አስካለ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«እኔ የምልህ» አሉኝ። «ልጄን ሸኖ ድረስ ሰደኸው በባዶ እጁ መልሰኸዋል። መሳፈሪያው የማን ነው?»

ደነገጥኩ። ያፈርኩት እውነት ነው፤ ቶሎ ብዬ ኪሴ ገባሁና ብር ማውጣት ስጀምር እጄን በጥፊ መቱኝ።

«አስቀምጠው! ዕዳ ነው። መሐል ሜዳ መጥተህ ትከፍላለህ፣ ማጭድ ይዘህ።»