ለማለዳ ዳቦ ቤት የቀረቡ ሦስት የሎጎ ንድፎች፦ ንጽጽርና አስተያየት

ለዳቦ ቤቱ ባለቤቶች፣

ዲዛይነሩ ካመጣላችሁ ሦስት ንድፎች መምረጥ ስለቸገራችሁ አስተያየቴን በጽሑፍ እንድሰጣችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። ከወዲሁ ልናገር፤ ምርጫዬ ሦስተኛው ነው፤ እንዳለ ግን አይደለም። ሦስቱንም በስክሪን ብቻ አላየኋቸውም። በታፔላው ልክ አሳትሜ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አይቻለሁ፤ አሳንሼም በቡናማ የከረጢት ወረቀት ላይ በአንድ ቀለም አትሜያቸዋለሁ። ለሰፈር ሰዎችም ለአፍታ ያህል አሳይቼ፣ በማግስቱ የሚያስታውሱትን በእስክሪብቶ እንዲሞነጫጭሩልኝ ለምኛለሁ።

አንደኛው ንድፍ ሁለት የስንዴ ዛላ፣ የሼፍ ኮፍያና የብራና ጽሕፈት በሚመስል ፊደል የተጻፈ ስም አለው። ወረቀት ላይ ያምራል፤ እናንተም መጀመሪያ የወደዳችሁት እሱን እንደነበር አውቃለሁ። ችግሩ ታፔላው ላይ ይወጣል። የእናንተ ትኩስ ዳቦ የሚወጣው ገና ሳይነጋ፣ ከንጋቱ 11:30 ላይ ነው፤ ደንበኛ በዚያ ሰዓት ስሙን የሚያነበው ከኋላ በሚበራ መብራት ነው። መብራት ቀጭን መስመርን ይውጣል። የዚህ ፊደል አንዳንዱ መስመር ወፍራም፣ አንዳንዱ እንደ ክር ቀጭን ስለሆነ ከማዶ ሲታይ የሚተርፈው ግማሹ ብቻ ነው። በዚያ ላይ «ዳ» ከ«ደ» የሚለየው በቀኝ እግሩ መርዘም ሆኖ ሳለ፣ ዲዛይነሩ ፊደላቱ ከታች እኩል እንዲቆሙለት ብሎ እግሯን አሳጥሯታል። ከራቅ ብሎ ሲነበብ «ማለደ» ነው የሚለው። የስንዴውና የኮፍያው ነገር ደግሞ ብዙ አያነጋግርም፤ ያየ ሁሉ «ዳቦ ቤት ነው» ይላል፣ የቱ ዳቦ ቤት እንደሆነ ግን አያስታውስም።

ሁለተኛው ከሦስቱ ብልሃተኛው ነው። «ዳ» ተነሥታ በቦታዋ የተጋገረ ዳቦ ተሥሏል፤ ከዳቦው ጀርባ ቢጫ ፀሐይ ትወጣለች። በማግስቱ ከጠየቅኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ፀሐይቱን አልረሷትም። ለመታወስ ከሆነ አንደኝነቱን ለዚህ እሰጠዋለሁ። ነገር ግን ስማችሁን የማያውቅ አላፊ አግዳሚ «ማለ» ብሎ አንብቦ ያልፋል። ስሙ የታወቀ ድርጅት አንድ ፊደሉን በሥዕል ቢተካ ሰው ራሱ ይሞላለታል፤ አዲስ ዳቦ ቤት ግን ይህን ከደንበኛው መጠበቅ አይችልም። ቢጫውም ቢሆን ነጭ ታፔላ ላይ ደክሞ ይታያል፣ ቡናማው ከረጢት ላይ ደግሞ ጭራሹን ይጠፋል። ፌስታል እየቀረ የወረቀት ከረጢት በሚመጣበት በዚህ ጊዜ፣ ከረጢት ላይ የማይታይ ሎጎ ትልቁን የማስታወቂያ ቦታውን አጣ ማለት ነው።

ሦስተኛው ክብ ድፎ ዳቦ ነው፤ ላዩ ላይ የኮባ ቅጠሉ የተወው መስመር አለ፣ ከሥሩ ስሙ ወፍራምና ጌጥ በሌለው ፊደል ተጽፏል። ከማዶም፣ በጨለማም፣ በአንድ ቀለም ማኅተምም ይነበባል። ክብ መሆኑም ጠቅሞታል፤ የቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ ፎቶ ሲሆን ዳሩ አይቆረጥም። ከሥራችሁ ጋር መግጠሙን በተመለከተ ትንሽ አመነታሁ። የዕለት ገበያችሁ ትንንሹ ዳቦና ቦምቦሊኖ ነው፤ ድፎ የምትጋግሩት ለበዓልና በትዕዛዝ ነው። ሎጎውን አይቶ በአዘቦት ቀን ድፎ ፍለጋ የሚገባ ሰው ይኖራል። እኔ ግን ይህን እንደ ጉዳት አልቆጥረውም። ለዚያ ሰው የሚያስፈልገው «ድፎ በትዕዛዝ» የሚል ወረቀት ባንኮኒው ላይ መለጠፍ ብቻ ነው፤ በኮባ የተጋገረ ድፎ ደግሞ ቦምቦሊኖ ከሚሸጠው ጎረቤታችሁ የሚለያችሁ ሥራ ነው።

እውነተኛው ጉድለቱ ሌላ ነው። የቅጠሉ መስመሮች ሁሉም ከመሐል ተነሥተው ወደ ዳር የሚሄዱ ስለሆኑ፣ ሲያንስ ጎማ ይመስላል። አንድ ልጅ «ጎሚስታ ነው?» ብሎኛል፤ አልፈረድኩበትም። መስመሮቹ ጎን ለጎን ቢሄዱና ጥቂት ቢሆኑ፣ የድፎው ዳርም በኮምፓስ የተከበበ ከሚመስል ትንሽ ወጣ ገባ ቢል ይህ ይስተካከላል። ሞንጫጭረው ካሳዩኝ ሰዎች ክቡን ያልረሱት ብዙ ናቸው፣ ቅጠሉን ያስታወሱት ግን ጥቂት ናቸው፤ እርማቱ ለዚያም ይረዳል።

የሁለተኛውን ፀሐይ ከሦስተኛው ድፎ ጋር ማዋሐድ እንደታሰበ ሰምቻለሁ። አይመከርም። ሁለት ሥዕል በአንድ ከረጢት ላይ ሲሻማ ሁለቱም ያንሳሉ። ፀሐይቱን ከወደዳችኋት ሞቅ ያለውን ቀለሟን ለግድግዳው ወይም ለሽርጡ አድርጉት።

ዲዛይነሩ እርማቱን ሲያመጣ በአንድ ቀለም የተሠራውን አብሮ እንዲያስረክብ፣ ፋይሉም ቢተልቅ የማይደበዝዝ የቬክተር ፋይል እንዲሆን ጠይቁት። ለታፔላ ሠሪው ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ «ዳ»ን በትልቁ አሳትማችሁ፣ ዳቦው በሚወጣበት ሰዓት ከመንገዱ ማዶ ቆማችሁ እዩት።