ወደ «የኤሌክትሪክ ምጣድ» ገጽ የሚወስዱ ሊንኮች የሚቀመጡባቸው ቃላት

ለጽሑፍ ክፍል ባልደረቦቼ፣

ከነገ ጀምሮ ከራሳችን ገጾች ወደ /mitad/ የሚወስዱትን ሊንኮች በሙሉ እንቀይራለን። የገጹ ዋና ቁልፍ ቃል «የኤሌክትሪክ ምጣድ» ነው። ምጣድ ሊገዛ የፈለገ ሰው ይህንኑ ጎግል ላይ ጽፎ እንዲያገኘን ነው የደከምንበት። የራሳችን ጽሑፎች ግን አንባቢውን ወደዚያ ሲልኩ «እዚህ ይጫኑ»፣ «ተጨማሪ ያንብቡ»፣ «ምርቶቻችን» ይላሉ። ጎግል ሊንኩ ያረፈበትን ቃል የሚያነበው የሚወስድበት ገጽ ስለ ምን እንደሆነ ለመረዳት ነው፤ እኛ ደግሞ ገጹ ስለ «እዚህ» እንደሆነ ስንነግረው ከርመናል። ማየት የተሳናቸው አንባቢዎችም ገጹን በድምፅ ሲያስነብቡ ሊንኮቹን ብቻ ለይተው የሚሰሙበት ጊዜ አለ። «እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ» እያሰማናቸው ነው።

ዓረፍተ ነገሮቹን እንዳሉ ገልብጧቸው። ሊንክ የሚሆነው በ[ ] ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ከላይ ያለው ማውጫ «ምርቶች» የሚለው ቀርቶ [የኤሌክትሪክ ምጣድ] ይባል። ማውጫው በየገጹ ስለሚደገም ቁልፍ ቃሉ እንዳለ የሚነገርበት ዋናው ቦታ እሱ ነው። እዚያ ከተባለ በጽሑፉ ውስጥ ትንፋሽ እናገኛለን፤ በየአንቀጹ ያንኑ ሐረግ መደርደር አይጠበቅብንም።

የእንጀራ አጋገር ጽሑፋችን ብዙ አንባቢ ያለው ስለሆነ ከሁሉ በፊት እሱን አንሡ። አሁን የሚለው፦ «ምጣዱ በደንብ መጋል አለበት። ስለ ምጣዶቻችን ለማወቅ [እዚህ ይጫኑ]።» የሚተካው፦

«[የኤሌክትሪክ ምጣድ] የሚጠቀሙ ከሆነ ሊጡ ኩፍ ማለት ሲጀምር ሶኬቱን ይሰኩት፤ እስኪግል ጊዜ ይፈልጋል።»

ልዩነቱን ልብ በሉ። የድሮው ዓረፍተ ነገር ጋገራውን አቋርጦ ማስታወቂያ ያነባል፤ አዲሱ እጇ ሊጥ የነካ ሴት አጠገብ ቆሞ የሚነገር ምክር ነው፣ ሊንኩም በመንገዱ ላይ ነው ያለው።

የመብራት ፍጆታ ጽሑፍ፦ «[የኤሌክትሪክ ምጣድ ስንት ዋት እንደሚፈጅ] ለእያንዳንዱ መጠን ለይተን አስቀምጠናል።»

የጥገና ጽሑፍ፦ «ሽቦው ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ ጥገናውን ትቶ [አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዛት] ሳያዋጣ አይቀርም።»

የአክንባሎ ጽሑፍ፦ «አክንባሎው ከምጣዱ ጠርዝ ጋር ካልገጠመ እንፋሎቱ ያመልጣል፤ ለየብቻ ከመፈለግ [ከነአክንባሎው የሚሸጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ] መያዝ ይሻላል።»

የመጀመሪያው ገጽ፦ «[የኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋ] እንደየስፋቱ ይመልከቱ።»

የሸክላ ምጣድ ጽሑፍ፦ «ከማገዶ [ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ] ሲሸጋገሩ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ሙቀቱን መልመድ ነው።»

በዚህ በመጨረሻው ላይ «የ» የለችም፤ ረስቼ አይደለም። ቋንቋችን ቁልፍ ቃላችንን የሚፈትነው እዚህ ላይ ነው። «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» ወይም «ወደ» ሲቀድመው «የ» ይወድቃል፤ «በየኤሌክትሪክ ምጣድ» ብሎ የሚናገር ሰው ደግሞ የለም። ባለፈው ዓመት ቁልፍ ቃሉ ሳይነካ ይቀመጥ ብዬ ድርቅ በማለቴ «ለየኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሆን ማሰሻ» የሚል ጽሑፍ ለሕዝብ አውጥቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አሁንም እዚያው ስላለ ስታገኙት አስተካክሉልኝ። መፍትሔው ሐረጉን ማጣመም አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን አዙራችሁ ሐረጉ ባለቤት ወይም ተሳቢ እንዲሆን አድርጉ፤ ያን ጊዜ ሙሉውን ይዞ ይቆማል። ካልዞረላችሁ «በኤሌክትሪክ ምጣድ» በሉና እለፉ፤ ጎግል ከዚያች አንዲት ፊደል የተነሣ ገጹን አይስተውም። ሊንኩን ግን ቃል መሐል ላይ አትጀምሩ። «በ» ጥቁር፣ ቀሪው ሰማያዊ ሆኖ ሲታይ የተሰበረ ጥርስ ይመስላል።

የፊደል ነገር ደግሞ አለ። ሰርች ኮንሶል ላይ እንዳየነው ሰው «ኤሌክትሪክ»ም «ኤሌትሪክ»ም እያለ ይፈልጋል። በሊንክ ላይ ሁልጊዜ «ኤሌክትሪክ» እንጽፋለን፣ የገጹ ርእስም እሱው ስለሆነ። «ኤሌትሪክ» የሚለውን ደንበኞች በጠየቁበት አኳኋን በጥያቄና መልስ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተዉት፤ ሊንክ አታድርጉበት።

ፎቶው ራሱ ሊንክ ሲሆን የሚነበበው alt ውስጥ የተጻፈው ነው። አሁን ባዶ ነው። እንዲህ ይሁን፦

```html
<a href="/mitad/"><img src="mitad-58.jpg"
 alt="58 ሴንቲ ሜትር የኤሌክትሪክ ምጣድ ከነአክንባሎው"></a>
```

አሁን ጠብ ወደሚያስነሣው ልምጣ። ለአሜሪካ ደንበኞች የሠራነው /mitad-120/ አለ። አምስት ቦታ ላይ «የኤሌክትሪክ ምጣድ» ብለን ወደ እሱ ልከናል። በአንድ ስም ሁለት ገጽ ስንጠራ የትኛው ዋናው እንደሆነ ጎግልም አንባቢም ይደናገራሉ፣ የራሳችን ገጾችም እርስ በርስ ይሻማሉ። ስለዚህ ወደ እሱ የሚወስደው ሊንክ በምንም ዓይነት «የኤሌክትሪክ ምጣድ» ብቻ አይሁን። ሁልጊዜ እንዲህ ይባል፦

«ቨርጂኒያም ሆነ ሲያትል ያሉ ደንበኞች [ለአሜሪካ የሚሆን ባለ 120 ቮልት ምጣድ] ይጠይቁን።»

ነገሩ የፍለጋ ብቻ አይደለም። በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሚስብ የአዲስ አበባ ምጣድ 120 ቮልት ላይ ቢሰካ የሚያገኘው ኃይል ወደ 1,040 ዋት፣ ከሦስት አንድ እጅ በታች ይወርዳል። እንጀራው አይን ሳያወጣ ይደርቃል። ሊንኩ የተሳሳተ ገጽ ላይ ያደረሰው ሰው ሻንጣው ውስጥ የማይሠራ ምጣድ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ስልኩን የምታነሡት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

የማሟሸት ጽሑፉም የራሱ ገጽ ስላለው ወደ እሱ ስትልኩ [ምጣድ ማሟሸት] ወይም [አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ማሟሸት] በሉ። በ«ምጣድ» ብቻ አትላኩ።

በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ወደ /mitad/ ስንት ጊዜ እንላክ ብላችሁ ነበር። እኔ አንድ ይበቃል እላለሁ፣ ጽሑፉ ረጅም ከሆነ ሁለት። ጎግል ያስቀመጠው ቁጥር ኖሮ አይደለም። በ2012 ጎግል ያወጣው ፔንግዊን የሚባለው ለውጥ የቀጣው ከሌሎች ድረ ገጾች በዘዴ የተሰበሰቡ ሊንኮችን ነው፤ በራሳችን ቤት ውስጥ ያንኑ ቃል በመደጋገማችን እንቀጣለን የሚል ፍርሃት የለኝም። የምፈራው አንባቢውን ነው። አንዲት እናት ደውለው «ልጄ፣ ይሄ ሰማያዊው ሁሉ አንድ ቦታ ነው እንዴ የሚወስደኝ?» ብለውኛል። አዎ ነበር መልሱ። አሥራ አንድ ጊዜ።

የግርጌው ሊንክ ባለበት ይቆይ፣ ማንም አይነካውም። የአጋገሩን፣ የጥገናውንና የመብራቱን ጽሑፍ እስከ ዓርብ ጨርሱልኝ፤ የ/mitad-120/ አምስቱን ግን ዛሬውኑ፣ ማታ ከመውጣታችሁ በፊት።