ጉዳዩ፦ ከፈረምነው ውል ጋር የማይገጥም የብድር ወለድ እንደገና እንዲሰላልኝ ስለመጠየቅ

ቀን፦ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለባንኩ የመገናኛ ቅርንጫፍ የብድር ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

በብድር ውል ቁጥር 0417/16 ለዳቦ ቤቴ ምድጃና የሊጥ ማቡኪያ ማሽን መግዣ 900,000 ብር ተበድሬያለሁ። መያዣው የመኖሪያ ቤቴ ነው። እስካሁን ወርሃዊ ክፍያዬን አንድም ወር አላሳለፍኩም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ባንኩ ከኦገስት 2025 ጀምሮ የሚያስበው ወለድ ከውላችን ጋር ስለማይገናኝ ነው። ስቴትመንታችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ለማመሳከር እንዲመች እኔም ወሮቹን እንደዚያው ጽፌያለሁ።

ውሉ በሁለት አንቀጾች ግልጽ ነው። አንቀጽ 4 ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ሆኖ በቀሪው ዋና ብድር ላይ በየወሩ እንደሚታሰብና ብድሩ እስኪያልቅ እንደማይለወጥ ይላል። አንቀጽ 6 ደግሞ ከወርሃዊው ክፍያ በላይ የሚገባ ገንዘብ በገባበት ቀን ከዋናው ብድር እንደሚቀነስ ይናገራል።

ጁላይ 31 ቀን 2025 እቁብ ደርሶኝ 150,000 ብር ገቢ አድርጌያለሁ። ደረሰኙ ላይ «ለዋና ብድር ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ተጽፏል። የዚያን ቀን ቀሪ ዕዳዬ 612,000 ብር ነበር። ስለዚህ ወደ 462,000 መውረድ ነበረበት።

የኦገስትን ስሌት ብቻ እንይ። በውሉ መሠረት 462,000 በ15 በመቶ ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 5,775 ብር ይመጣል። ስቴትመንቱ ላይ ያለው ግን 8,670 ብር ነው። ይህን ቁጥር የሚሰጠው 612,000 ብር በ17 በመቶ ሲሰላ ነው። በአንድ ወር ብቻ 2,895 ብር ትርፍ ተወስዶብኛል ማለት ነው። ከዚህ 1,875 ብሩ ቅድሚያ ክፍያዬ ስላልተቀነሰ የመጣ ነው። የቀረው 1,020 ብር ደግሞ ውሉ ውስጥ የሌለው የ2 በመቶ ጭማሪ ነው።

ቅድሚያ ክፍያዬ ከዋናው ብድር የተቀነሰው ኦክቶበር 1 ላይ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ገንዘቡ በእጃችሁ እያለ እንዳልከፈልኩ ተቆጥሮ ወለድ ሲታሰብብኝ ቆይቷል። የ17 በመቶው ስሌት ደግሞ እስከ ዲሴምበር ስቴትመንት ድረስ አልተስተካከለም።

ቅርንጫፉ ሄጄ ስጠይቅ «ባንኩ ወለድ ጨምሯል፤ የሚያሰላው ሲስተሙ ነው» ተባልኩ። ያነጋገሩኝ ሠራተኛ በትሕትና ነው ያስተናገዱኝ፤ በእሳቸው ቅሬታ የለኝም። ግን መልሱ አልበቃኝም። ባንኩ ለአዲስ ተበዳሪ የፈለገውን ምጣኔ ሊያወጣ ይችላል። የእኔ ውል ግን ምጣኔው አይለወጥም ይላል። አንቀጽ 11 ደግሞ ማናቸውም ለውጥ በሁለታችን ፊርማ ካልሆነ አይጸናም ይላል። እኔ የፈረምኩት ማሻሻያ የለም። በጽሑፍ የደረሰኝ ማስታወቂያም የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ተዋዋዮቹን እንደ ሕግ እንደሚያስገድዳቸው ይደነግጋል። ይህ እኔን እንደሚያስገድደኝ ሁሉ ባንኩንም ያስገድዳል።

አንድ ነገር በደንብ እንዲታይልኝ እፈልጋለሁ። ወርሃዊ ክፍያዬ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ወለዱ በበዛ ቁጥር ለዋናው ብድር የሚውለው ያንሳል። በኦገስት የተወሰደው ትርፍ የሴፕቴምበርን ቀሪ ዕዳ ከፍ አድርጎታል። የሴፕቴምበሩም የኦክቶበርን። ስለዚህ የየወሩን ልዩነት ደምሮ መመለስ ብቻ አይበቃም፤ ስሌቱ ከኦገስት 1 ጀምሮ ወር በወር እንደ አዲስ መሠራት አለበት።

ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለው ወለድ በ15 በመቶና በትክክለኛው ቀሪ ብድር ላይ እንደገና እንዲሰላልኝ፣ በትርፍ የተወሰደው ገንዘብም ከዋናው ብድር እንዲቀነስልኝ እጠይቃለሁ። ወር በወር የሚያሳይ አዲስ የስሌት ሰንጠረዥም በማኅተም ተረጋግጦ ይሰጠኝ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ወርሃዊ ክፍያዬን በወቅቱ መክፈሌን እቀጥላለሁ። በመሆኑም በዚህ ልዩነት ምክንያት ቅጣት እንዳይታሰብብኝ፣ በብድር መረጃ ማዕከልም ስሜ በውዝፍ ዕዳ እንዳይመዘገብ አሳስባለሁ።

ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ጭማሪው ትክክል ነው የምትሉ ከሆነም የተመሠረታችሁበትን የውሉን አንቀጽ ጠቅሳችሁ ግለጹልኝ። መልስ ካላገኘሁ ቅሬታዬን ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አቀርባለሁ። ምርጫዬ ግን እዚሁ ከእናንተ ጋር መጨረስ ነው።

የውሉን ቅጂ፣ የ150,000 ብሩን ደረሰኝ፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 2025 ያለውን ስቴትመንትና እኔ የሠራሁትን ስሌት በአባሪነት አያይዣለሁ። ሌላ ሰነድ ካስፈለገ በብድር ፋይሌ ላይ ባለው ስልክ ደውሉልኝ።

ከሰላምታ ጋር
ትርሲት አበራ
ተበዳሪ