በሰይድ ስም

«የቁጥሩ ባለቤት ራሱ መታወቂያውን ይዞ ይቅረብ» አለች ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠችው ሠራተኛ። «አንቺ እህቱ ብትሆኚም አይቻልም።»

ዘይነብ ባለቤቱ የት እንዳለ ልትናገር ከንፈሯን አላቀቀችና መልሳ ገጠመችው። ሰይድ ሲም ካርዱን በስሙ አውጥቶ የሰጣት ዩኒቨርሲቲ በገባችበት ዓመት ነበር፤ ያኔ እሷ መታወቂያ አልነበራትም። አሁን እሱ ጅቡቲ ጠረፍ፣ ኦቦክ ላይ ጀልባ ሲጠብቅ ካመሸበት ሌሊት ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ስልኳን ደግሞ ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከቦርሳዋ መንትፈውታል። ቁጥሩ ካልተመለሰ ቴሌግራሙ አይከፈትም፤ መክፈቻው የሚላከው ወደዚያው ቁጥር ነው።

ለስልኩስ አልተንገበገበችም። መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ቻርጅ ከግማሽ ቀን በላይ የማይዝ አሮጌ ነበር። ያንገበገባት በውስጡ የቀረው የዚያ ሌሊት ንግግር ነው።

ሐይቅ ላሉት እናቷ አንድ ሰው ደውሎ፣ «ልጅሽ በእጃችን ነው፤ ዘጠና ሺህ ብር ካላስገባችሁ አታገኙትም» ብሏል። አጎቷ ሙሄ ወዲያው ለሁለቱ በሬዎች ገዢ ማፈላለግ ጀመሩ። ዘይነብ፣ «ሰይድ ገንዘብ ቢጠየቅ ምን ማድረግ እንዳለብን ነግሮኛል» ስትል አጎቷ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የልጁን ነፍስ በአንቺ ትዝታ አላስይዝም። ብሏል ያልሽውን በጽሑፍ አሳዪኝ።»

ደግነቱ ዘይነብ ወሬ ሆዷ ውስጥ አያድርም። በሌላ ጊዜ ስንት ጣጣ ያመጣባት ይህ አመሏ በዚያ ሌሊት ሰይድ የጻፈላትን እየቆራረሰች ለጓደኞቿ እንድታዳርስ አድርጓት ነበር። ለሁሉም ግን አንድ ዓይነት አልላከችም።

ለሕይወት የላከችው ሦስት የስክሪን ፎቶ ነው፤ የሕይወት ታላቅ ወንድም ከሳዑዲዋ ጂዛን ተመላሽ በመሆኑ ምክር ፈልጋ። ለፎዚያ የክፍያውን መልእክት ብቻ አስተላልፋለች፤ የአጎቷ ልጅ በዚያው መንገድ ሲሄድ ስንት እንደከፈለ ታውቃለችና። ለጦይባ ደግሞ የሚያስቀውን ልካለች። በእንዲያ ያለ ሌሊትም የሚያስቅ ነገር አይጠፋም።

አራቱም ዶርም ውስጥ በአንድ አልጋ ላይ ተደርድረው ስልኮቹን ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጉ። ዘይነብ ከደብተሯ መሐል ሉክ ወረቀት ገንጥላ መገልበጥ ጀመረች። የሕይወት ፎቶዎች ሰዓት አላቸው፤ የመጀመሪያው መልእክት 9:42 ይላል፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ሁለት ማለት ነው። የፎዚያ ግን የሚያሳየው የተላለፈበትን ሰዓት እንጂ ሰይድ የጻፈበትን አይደለም። የት እንደሚገባ የለየችው ራሷ ፎዚያ ናት፤ አካውንቲንግ ተማሪ ስለሆነች እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለች።

«‹ቅድም ያልኩሽ ደላላ› ነው የሚለው» አለች። «ደላላው የተጠቀሰው በሕይወት የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ነው። ስለዚህ ከእሱ በታች አስገቢው።»

ክፍያው እንዲህ ይነበባል፦ «እስከ ጂዛን አርባ አምስት ሺህ ነው የተስማማነው። ግማሹን ከፍያለሁ። ቀሪው ስደርስ ነው፣ ከዚያ በላይ ማንም አይጠይቃችሁም።»

የሕይወት ሁለተኛ ፎቶ ግርጌው ላይ፣ «ገንዘብ የሚል ሰው ቢደውል መጀመሪያ» ይልና ይቆረጣል። ሦስተኛው የሚጀምረው «ካልመለሰ አትላኩ። ቢመልስም ድምፄን ሳትሰሙ አትላኩ» ከሚለው ነው። መሐሉ የለም። የጦይባ ቀልድ ወደዚያው አካባቢ እንደሚጠጋ ያስታውቃል፤ ዘይነብ ለወንድሟ፣ «ለአንተ ያላለቀሰችውን እኮ ለእሱ ነው ያለቀሰችው» ብላዋለች፣ እሱም በሳቅ ምልክት መልሷል። ስለ ማን እንደሆነ ግን ቀልዱ አይናገርም። ዘይነብ ታውቃለች፤ ማወቋ ለአጎቷ ማስረጃ አይሆንም እንጂ።

ሦስተኛው ፎቶ መጨረሻ ላይ ሌላ መስመር አለ፦ «ከበላን ሁለት ቀን ሆኖናል፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት።» ዘይነብ ብዕሯን ይዛ ቆየች። ከዚያ እንዳለ ገለበጠችው።

በማግስቱ ሐይቅ ስትደርስ እናቷ ደጃፍ ላይ ሽንብራ ይለቅማሉ። ማንበብ አይችሉም፤ የሰሙትን ግን አይጥሉም። ዘይነብ ከሰይድ ጋር በተጻጻፈች ማግስት ንግግሩን በስልክ ስታነብላቸው አንድ ጊዜ ነው የሰሙት።

«እማዬ፣ ‹ሰው ቢደውል መጀመሪያ› ካለ በኋላ ምን ነበር ያለው?»

እናቷ ቀና ሳይሉ፣ «‹ለመንገዴ የተሸጠውን በሬ ስም ጠይቁት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ ስልኬን ሊወስዱት ይችላሉ› ነዋ ያለው» አሉ። «ከዚያ አንቺ ስለ ልቅሶዬ ቀለድሽ። ከዚያ ካልመለሰ አትላኩ አለ። መጨረሻ ላይ ሥጋ ጠግበው እንደበሉ ነገረሽ።»

ክፍተቱ ሞላ። ከፊት ካለውም ከኋላ ካለውም ጋር ይገጥማል፤ በዚያ ላይ እናቷ የወረቀቱን ጫፍ እንኳ አላዩም። ስለ ሥጋው ግን ሰይድ ያለው ነገር አልነበረም፤ በዚያን ቀን ዘይነብ ከራሷ አውጥታ ያነበበችው ነው።

አጎቷ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ጮክ ብለው አነበቡ። ዋጋው ላይ ሲደርሱ ደግመው አነበቡት። በሬው ላይ ሲደርሱ እህታቸውን አይተው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። መጨረሻው መስመር ላይ ድምፃቸው ቆመ፤ ዘይነብን በመነጽራቸው አናት ተመለከቷትና ወረቀቱን አጠፉት።

«ሥጋ የበላበትን አለፍከው» አሉ እናቷ።

«ዓይኔ ደከመ። ኋላ አነብልሻለሁ።»

ሰውየው የደወለው ከመግሪብ በኋላ ነው። አጎቷ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው መደቡ ላይ አስቀመጡት።

«ገንዘቡ ዝግጁ ነው?»

«ከገንዘቡ በፊት አንድ ጥያቄ አለን። ልጁ ለመንገዱ የሸጥንለት በሬ ስሙ ማን ይባላል?»

«እኔ የከብት ነጋዴ ነኝ?» ዘጋው።

እናቷ በሁለት እጃቸው ጭንቅላታቸውን ያዙ። አጎቷ ግን ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ከኢሻ በፊት ስልኩ ከሌላ ቁጥር ጮኸ። ያው ሰው ነበር፤ ሰላምታ ሳይሰጥ፣ «ወይኖ» አለ።

ቤቱ ውስጥ ማንም አልተነፈሰም። ይህን ስም ለሰውየው ሊነግረው የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አቅርበው» አሉ አጎቷ። «ድምፁን ሳንሰማ ወሬ የለንም።»

ሲያንሾካሹኩ ተሰማ፣ የሆነ ነገር ወደቀ፣ ከዚያ የጎረነነ ድምፅ መጣ። «እማዬ?»

እናቷ ስልኩን ከመደቡ ላይ አነሡት። ዘይነብ ያለቅሳሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን፣ «ሰይዶ፣ ያን ቀን የበላችሁት ሥጋ ደህና ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ወዲያኛው ጫፍ ላይ ዝም አለ። ዘይነብ ወለሉን አየች።

«አዎ እማዬ» አለ ሰይድ። «ጠግቤ ነው የበላሁት።»

አጎቷ ስልኩን ከእጃቸው ቀስ አድርገው ወሰዱ፣ በሌላው እጃቸው ወረቀቱን ዘረጉና ጣታቸውን ዋጋው ላይ አሳረፉ።

«እሺ፣ አሁን እንነጋገር። ውሉ አርባ አምስት ነው፣ ግማሹ ተከፍሏል፣ ቀሪው የሚከፈለው ጂዛን ሲደርስ ነው። ዘጠናን ከየት አመጣኸው?»