ለአዲሷ ተለማማጃችን፦ ስለ እጅ ንጽሕናና ስለ ካልቸር አወጋገድ

ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ሰሚራ፣

ከሰኞ ጀምሮ በባክቴሪዮሎጂ ክፍል አብረን ስለምንሠራ፣ የአሠራር መመሪያችን በአጭሩ የሚያልፋቸውን ሁለት ጉዳዮች አስቀድሜ በጽሑፍ ላስረዳሽ ወድጃለሁ። ከሕመምተኛ በሰገራ ወይም በደም ናሙና የሚመጣው ባክቴሪያ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ በ37 ዲግሪ አድሮ ፕሌት ላይ ሲበቅል ግን አንዲት ኮሎኒ ብቻዋን ሚሊዮኖችን ትይዛለች። ስለዚህ ከናሙናው ይልቅ ካልቸሩን አብልጠሽ ልትጠነቀቂው ይገባል። ባክቴሪያው ከዚህ ክፍል የሚወጣባቸው ዋና በሮችም እጃችንና ቆሻሻችን ናቸው።

ጓንት እጅ መታጠብን አይተካም። በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፣ ሲወልቅም እጅን ሊበክል ይችላል፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ውስጡ በላብ ይርሳል። ስለዚህ ጓንት ባወለቅሽ ቁጥር፣ እንዲሁም ጋዋንሽን ሰቅለሽ ከክፍሉ ከመውጣትሽ በፊት፣ በሳሙናና በወራጅ ውኃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ታጠቢ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋቸውን የጣት ጫፎችና አውራ ጣቶች በተለይ አሽተሽ እጠቢ። የከተማችን ውኃ ካልሲየም ስለሚበዛበት ሳሙናው በቀላሉ አረፋ አያወጣምና፣ ሳሙና ጨምሪ እንጂ ጊዜውን አታሳጥሪ። ከዚያ በወረቀት አድርቀሽ ቧንቧውን በዚያው ወረቀት ዝጊው። ሒና መቀባትሽን የሚከለክልሽ የለም፤ ረጅም ወይም አርቲፊሻል ጥፍር፣ ቀለበትና አምባር ግን እዚህ ቦታ የላቸውም።

የእጅ አልኮል እጅሽ በዓይን የሚታይ እድፍ ከሌለበት ይበቃል፤ እስኪደርቅ ድረስ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት ያስፈልጋል። እንደ ክሎስትሪድየም ዲፊሲል ያሉ ስፖር የሚሠሩ ባክቴሪያዎችን ግን አልኮል አይገድላቸውም፤ ለእነዚህ ከሳሙናና ከውኃ ሌላ አማራጭ የለሽም።

በዚህ ጉዳይ አጥብቄ የምናገረው የከተማችንን ልማድ ስለማውቅ ነው። ምሳችንን በእጃችን እንበላለን፤ ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ቅጠሉን እየቀነጠሰ በጣቱ ወደ አፉ ሲያደርስ ይውላል። የታይፎይድና የሺጌላ ባክቴሪያ ሆድ የሚገቡት በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ሺጌላ ሰውን ለማሳመም መቶ የማይሞሉ ሕዋሳት እንኳ ሊበቁት ይችላሉ። ስልክሽም በሥራ ጠረጴዛው ላይ እንዳይቀመጥ፤ ታጥበሽ ከወጣሽ በኋላ ስልኩን መልሰሽ ከነካሽ መታጠብሽ ከንቱ ነው። ፕሌት ከፍቶ ማሽተትም ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ያልተፈላ የግመልና የፍየል ወተት በሚጠጣበት በእኛ አካባቢ ከደም ካልቸር ብሩሴላ ሊወጣ ይችላል፣ እርሱም በትንፋሽ ይገባል።

ወደ አወጋገዱ ስመጣ፣ ያገለገለ ፕሌት በምንም ምክንያት ወደ ተራ ቆሻሻ መጣያ አይገባም። የፕላስቲክ ፕሌት ጥሩ ዕቃ ይመስላል፤ ቆራሌው ሊያነሣው፣ ሕፃንም ሊጫወትበት ይችላል። ክዳኑን ሳትከፍቺ ሙቀት በሚችለው የባዮሐዛርድ ከረጢት ውስጥ አስገቢው፤ ከረጢቱም ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሙላ። አውቶክሌቭ ውስጥ ስታስገቢው አፉን አላልተሽ፣ ጥቂት ውኃ ጨምረሽበት፣ በሳህን ላይ አስቀምጪው፤ አፉ ጠብቆ ከታሰረ አየሩ ስለማይወጣ እንፋሎቱ መሀሉ ላይ አይደርስም፣ ውጪው ሲቃጠል ውስጡ ሕያው ሆኖ ይቀራል።

ሙቀቱ 121 ዲግሪ ከደረሰበት ቅጽበት ጀምሮ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ የታጨቀ ከረጢት ከሆነ 60 ደቂቃ ይቆይ። መጻሕፍቱ 15 ፒኤስአይ የሚሉት በባሕር ወለል ላሉ አገሮች ነው፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች 121 ዲግሪ ለመድረስ ጌጁ ወደ 17 መጠጋት አለበት። ስለዚህ ጌጁን ብቻ አትመኚ፣ ቴርሞሜትሩን እዪ። በመሀል መብራት ከጠፋ የተቆጠረው ደቂቃ ይሰረዛል፤ መብራት ሲመለስ ከዜሮ እንጀምራለን። ቀለሙን የሚቀይረው የአውቶክሌቭ ቴፕም ከረጢቱ መሞቁን ይናገራል እንጂ ባክቴሪያው ስለመሞቱ አይመሰክርም፤ ለዚያ የስፖር መፈተሻ አለን፣ አሠራሩን አሳይሻለሁ። ለአውቶክሌቩ ዲስቲልድ ውኃ ብቻ ጨምሪ፤ የቧንቧው ውኃ ማሞቂያውን በኖራ ይሸፍነዋል።

ካልቸር ከፈሰሰብሽ ሌሎችን አስጠንቅቂ፣ ጓንት አድርገሽ ፍሳሹን በወረቀት ሸፍኚ፣ በላዩም ከዳር ወደ መሀል የተበጠበጠ በረኪና አፍስሺበት፤ 30 ደቂቃ ጠብቀሽ ስብርባሪውን በመቆንጠጫ አንሺ። ብጥብጡ 5 በመቶ ከሆነው በረኪና አንድ እጅ፣ ከውኃ ዘጠኝ እጅ ሲሆን፣ ሙቀትና ብርሃን ስለሚያደክመው በየጠዋቱ አዲስ ይዘጋጃል። በረኪና የነካውን ነገር አውቶክሌቭ ውስጥ አታስገቢ፣ ከአሲድ ጋርም አታገናኚው፤ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ጥፍርሽን ቆርጠሽ፣ ጣትሽን የሚሸፍን ጫማ አድርገሽ ነይ፤ መጀመሪያ የምናደርገው የዕለቱን በረኪና መበጥበጥ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ዓለማየሁ
የባክቴሪዮሎጂ ክፍል ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን